«ነርቭ አሉኝ እንጂ ከንፈር መች አሉኝ?»

ታካሚዬ በማግስቱ ደወለች። «ዶክተር፣ ማደንዘዣው እስካሁን አለቀቀኝም።» ያወጣሁላት አጥንት ውስጥ ጋደም ብሎ የቀረ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ነበር። መጥታ ሳያት የከንፈሯ ግማሽና አገጯ ደንዝዟል። ቡና አቃጥሏት እንኳ አልታወቃትም።

ፎርሙን አሳየኋት። «የነርቭ ጉዳት ሊደርስ ይችላል» ይላል፤ ከሥሩ ፈርማለች።

«ነርቭ አሉኝ እንጂ ከንፈር መች አሉኝ?»

እውነቷን ነው። ስለ ጥርስ ሲወራ ሰው «ነርቭ» የሚለው ጥርሱ ውስጥ ያለውን ነው። ጥርሱ ሊነቀል ነው፣ ነርቩ ቢጎዳ ምን ገዶት? እኔ ያልኩት ግን ከሥሩ በታች በመንጋጋ አጥንት ቦይ ውስጥ አልፎ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠውን ነበር። በዚያ ላይ ያስፈረምኳት ወንበሩ ላይ አስተኝቼ፣ መሐረቡን አንገቷ ላይ ካሰርኩ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ማን ያነባል?

ስሜቱ ጉንዳን እንደሚሄድበት እየወረራት በአራት ወር ተመለሰ። ፎርሙን ግን በዚያው ሳምንት ቀየርኩት። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የታች ከንፈርዎ፣ አገጭዎ ወይም ምላስዎ ሊደነዝዝ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። አልፎ አልፎ ግን ሳይመለስ ይቀራል። ፊትዎ አይጣመምም።» የመጨረሻዋን የጨመርኳት ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ ነው። ይህ ነርቭ የፊት ጡንቻ አያንቀሳቅስም።

ዋጋውንም ለሁለት ከፈልኩት፤ የግድ የሚከፈለውና ሊመጣ የሚችለው። ራጅ ላይ የቦዩ ነጭ መስመር ሥሩ ጋ ሲደርስ ከተቋረጠ ወይም ሥሩ እዚያ ላይ ከጠቆረ ሲቲ ስካን ልጠይቅ እችላለሁ። ይህን ቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላ ገንዘብ ፍለጋ ይመስላል።

ከወራት በኋላ የመጣው መምህር ራጅ እንደዚያው ነበር። ሲቲው ሥሩ ቦዩን መንካቱን አሳየ። ሦስት መንገድ ነገርኩት። መተው፤ ግን ድዱ በዓመት ሦስቴ አብጦበታል። ሙሉውን ማውጣት። ወይም አናቱን ቆርጦ ሥሩን መተው፤ ነርቩ የመጎዳት ዕድሉ ይቀንሳል፣ ሥሩ ግን ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ሊወጣና ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል። ስቆርጥ ሥሩ ከተነቃነቀም ማውጣቴ አይቀርም።

ከዚያ «ገባዎት?» አላልኩም። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። «ቤት ሲገቡ ባለቤትዎ ምን አሉህ ብትልዎት ምን ይሏታል?» አልኩት።

«ሥሩ ይቀራል፣ አይጎዳም።»

አይደለም። እንደገና ሣልኩለት። ፎርሙን ይዞ ሄደ፤ በሦስተኛው ቀን ሲመልሰው ከፊርማው በላይ በእጁ ጽፎበታል፦ «ሥሩ ይቅር። ከተነቃነቀ ይውጣ፤ ያኔ ከንፈሬ ሊደነዝዝ እንደሚችል አውቃለሁ።»