«መሓሪ መሓሪ»

ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሸኽ ለደረሶቻቸው የሚያስተምሩበትን ሰባ ገጽ ያህል የዐረብኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ሰጡኝ። ዱዓዎችና የቁርኣን አንቀጾች ከነማብራሪያቸው ናቸው። ዐረብኛው አልከበደኝም። የከበዱኝ በየአንቀጹ መጨረሻ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚመጡት የአላህ ስሞች ነበሩ፤ ያንንም ያወቅሁት አርባ ገጽ ከተረጎምሁ በኋላ ነው።

እኔ አማርኛውን ሳነብ ሸኹ ዐረብኛውን በቃላቸው ይከተላሉ። ሱረቱ አን-ኒሳእ 43ኛው አንቀጽ ላይ ደረስን። ውሃ ያጣ ሰው በአፈር ስለሚያደርገው ተየሙም የሚናገረው ነው፤ የሚያበቃው «ዐፉው» እና «ገፉር» በሚሉ ሁለት ስሞች ነው። እኔ «ይቅር ባይ ምሕረት አድራጊ» ብዬዋለሁ። «ቆይ እስቲ ልጄ» አሉኝ፤ «ቅድም ገፉርን መሓሪ ብለኸው አልነበረም?» ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ገፉር አንድ ቦታ «መሓሪ»፣ ሌላ ቦታ «ይቅር ባይ»፣ እዚህ ደግሞ «ምሕረት አድራጊ» ሆኗል። የሚሰማኝ ደረሳ ሦስት የተለያዩ ስሞች መስለውት ይሄዳል።

በዚያው ምሽት ኮምፒውተሬ ላይ ፈልግና ተካ የሚለውን ከፍቼ «ይቅር ባይ» ያለበትን ሁሉ በ«መሓሪ» ለወጥሁት። ጠዋት አን-ኒሳእ 43 «መሓሪ ምሕረት አድራጊ» ሆኖ ጠበቀኝ፤ «ምሕረት አድራጊ»ን ስለውጠው ደግሞ «መሓሪ መሓሪ»። ዐፉው ከጽሑፉ ጠፋ። ጥፋቴ የስሞቹን ሠንጠረዥ ሳልሠራ መለወጤ ነበር።

ስለዚህ ከዐረብኛው ጀመርሁ። ለእያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ሰጥቼ ሥሩን፣ የአማርኛውን ቃል፣ የምጽፍበትን ፊደልና የሚገኝበትን ገጽ መዘገብሁ። ከሁሉ የጠቀመኝ «ለዚህ አይውልም» ያልሁት ዓምድ ነው። በገፉር መስመር «ይቅር ባይ አይውልም፤ የዐፉው ነው» የሚል ተጻፈ። ለምን እንዲህ እንደሚከፈል ሸኹ አስረዱኝ። የገፉር ሥር መሸፈን ነው፤ የጦር ራስ ቁር «ሚግፈር» የተባለው ከዚያው ነው። ዐፉው ውስጥ ግን ያለው ማጥፋት ነው፤ ነፋስ የእግር ዱካን እንደሚደመስስ። አማርኛዎቹ ቃላት ሥዕሉን አይሸከሙትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመጡበት ገጽ ግርጌ አንድ አንድ መስመር ጻፍሁ።

«አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም» የሚለው ሕግ ግን ሁለት ቦታ ላይ ከዳኝ። «ተዋብ» ለአላህ ሲውል «ጸጸትን ተቀባይ» ነው። አል-በቀራህ 222 ላይ ግን አላህ «ተዋቢን»ን ይወዳል ይላል፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው። እዚያ «ጸጸትን ተቀባዮች» ማለት ነገሩን ይገለብጠዋል፤ «ተመላሾች» አልሁ። ሠንጠረዡ ውስጥም ስሙ ለሰው ሲውል የሚል ዓምድ ጨመርሁ።

ሁለተኛው «ረሕማን» ነበር። በቢስሚላህ ላይ «እጅግ በጣም ርኅሩኅ» የሚለው ሰው በቃሉ የያዘው ስለሆነ አልነካሁትም። ነገር ግን አል-ኢስራእ 110 አላህን ወይም አር-ረሕማንን ጥሩ ይላል፤ እዚያ ስም ሆኖ ነው የሚጠራው። ስለዚህ ከቢስሚላህ ውጭ እንዳለ «አር-ረሕማን» ብዬ ተውሁት። በዚህ «ርኅሩኅ» ተረፈልኝና «ረኡፍ» ለሚለው ስም ሰጠሁት።

ከዚህ በኋላ የቀረው ፍተሻ ነበር፤ ሦስት ቀን የበላውም እሱ ነው። አማርኛ ቅጥያውን በመጨረሻው ፊደል ውስጥ ይደብቃል። «አዛኝ» ብላችሁ ብትፈልጉ «አዛኙ» አይገኝም፤ ኝ ወደ ኙ ተለውጧልና። የመጨረሻውን ፊደል ጥላችሁ «አዛ» ብትሉ ደግሞ አዛውንቱ ሁሉ ይሰለፋል። «መሓሪ»ንም እኔው ራሴ በሀ፣ በሐ፣ በሓ እያቀያየርሁ ጽፌው ነበር። LibreOffice ላይ «Regular expressions» የሚለውን ምልክት አድርጌ እንዲህ ፈለግሁ፦

```
አዛ[ኝኙኞ]
መ[ሀሃሐሓኀኃ]ሪ
```

የተገኘውን በጅምላ አልለወጥሁም። አንድ በአንድ ከዐረብኛው ጋር እያየሁ ነው ያለፍሁት። «መሓሪ» በሚለው ፍለጋ ከወጡት መካከል ሦስቱ ዐፉው የነበሩና በዚያች ምሽት ያበላሸኋቸው ነበሩ። «ይቅር ባይ» ብፈልግ ኖሮ በፍጹም አላገኛቸውም ነበር።

ሠንጠረዡ አሁን ሃያ ስምንት መስመር አለው። አንዱ መስመር በእርሳስ ነው የተጻፈው። ኑሕ 10 ላይ «ገፋር» ይላል፤ ከገፉር ጋር አንድ ሥር ያለው፣ ደጋግሞ ማድረግን የሚያሳይ ስም ነው። ሸኹ «ደጋግሞ መሓሪ» ይሁን ይላሉ። ለእኔ ጆሮ አማርኛው ይሰናከልብኛል፤ «እጅግ መሓሪ» ብዬ ጽፌዋለሁ። «አብሽር፣ እስክንስማማ በእርሳስ ይቆይ» ብለውኛል።