ምሳ ሰዓት ላይ የሚደክም እሳት፦ የአንድ ደሴ ሆቴል የጋዝ መስመር

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ የአንድ ሆቴል ኩሽና የጋዝ መስመር እንደገና ሠርተናል። መጀመሪያ የተጠራሁት ግን መስመር ልሠራ አልነበረም። ባለቤቱ "ምድጃዎቹ አርጅተዋል፣ የትኛውን ልቀይር?" ብሎ ነው የደወለልኝ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ደግሞ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። "ልጄ፣ ጠዋት እኮ ደህና ነው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲለኮስ ነው እሳቱ የሚደክመው።"

ጠዋት ደህና ሆኖ ምሳ ላይ የሚደክም ምድጃ አላረጀም። ጋዙ አልደረሰውም ማለት ነው። ለምን እንዳልደረሰው ግን ሳይለካ አይታወቅም። ሲሊንደሩ ይሆናል፣ ሬጉሌተሩ ይሆናል፣ ቧንቧው ይሆናል። ሦስቱም ከምድጃው ፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው አንድ ዓይነት ደካማ እሳት ነው የሚያሳዩት።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውስጡን የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ሳንቃ ላይ አስረን ቀለም ያለው ውሃ ግማሽ ድረስ ሞላንበት። አንዱን ጫፍ ጋዙ ላይ ስትሰኩት ውሃው በአንድ በኩል ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። አንድ ሚሊባር ማለት አንድ ሴንቲሜትር ውሃ ነው ብትሉ አትሳሳቱም። ምድጃዎቹ የሚፈልጉት 30 ሚሊባር ስለሆነ ሳንቃው ግማሽ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

እንዲህ ዓይነት ሳንቃ ሁለት ያስፈልጋችኋል፣ አንድ አይበቃም። አንዱን ሬጉሌተሩ መውጫ ላይ፣ ሌላውን መጨረሻው ምድጃ ጋ ትሰኩና ሁሉንም እሳት ለኩሳችሁ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ታነባላችሁ። ምክንያቱም ማንኛውም ሬጉሌተር ጋዝ መሄድ ሲጀምር ግፊቱ ትንሽ ይወርዳል። መጨረሻው ምድጃ ጋ ብቻ ቆማችሁ ከመለኮሱ በፊትና በኋላ ብትለኩ የሬጉሌተሩን መውረድና የቧንቧውን ብክነት ደባልቃችሁ ታነባላችሁ። ሁለቱም ቦታ እኩል ከወረደ ጥፋቱ ሲሊንደሩ ወይም ሬጉሌተሩ ጋ ነው፣ በተለይ ሲሊንደሩ ላይ አመዳይ ካያችሁ። መጨረሻው ብቻ ከወረደ ግን ቧንቧው ነው።

እኛ ጋ ሁሉም እሳት ተለኩሶ ሬጉሌተሩ ጋ 29 ሆነ፣ መጨረሻው ምድጃ ጋ 23። ስድስት ሚሊባር መንገድ ላይ ቀርቷል። ቧንቧው ግማሽ ኢንች ነው። ቀድሞ የሠራው ሰው ለአንድ ምድጃ የሚበቃ መስመር ዘርግቶ፣ ኩሽናው ሲያድግ ቲ እየጨመሩ ቀጠሉበት።

አሁን ስሌቱ። ምድጃዎቹ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ኪሎዋት ደመርን፤ ባለስድስት እሳቱ ከነኦቨኑ 32፣ ሁለቱ የወጥ ድስት ማንደጃዎች 28፣ መጥበሻው 14፣ ግሪሉ 10። ድምሩ 84 ኪሎዋት ነው። አንዳንዱ "ሁሉም በአንዴ አይሠራም" ብሎ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። የሆቴል ኩሽና ላይ እኔ አልቀንስም፣ ምሳ ሰዓት ሁሉም በአንዴ ይሠራል። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ 84 ኪሎዋት ማለት በሰዓት 6.6 ኪሎ ጋዝ ነው። በጋዝ መልኩ ደግሞ ወደ 3 ሜትር ኩብ በሰዓት ይመጣል።

ዝቅተኛ ግፊት ላይ ላለ መስመር የምጠቀመው ቀመር ይሄ ነው፦

```
h = (Q / 0.0071)² × s × L / d⁵
```

h የሚጠፋው ግፊት ነው በሚሊባር። Q በሰዓት የሚሄደው ሜትር ኩብ ነው። s ጋዙ ከአየር ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት ነው፣ ለሲሊንደር ቅልቅል ጋዝ 1.8 እወስዳለሁ። L ርዝመቱ በሜትር፣ d የቧንቧው የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር። ርዝመቱ ላይ ጎሚቶና ቲም ይቆጠራሉ። በነዚህ መጠኖች ላይ እያንዳንዳቸውን እንደ ግማሽ ሜትር ቧንቧ አሰብኳቸው። ከሬጉሌተሩ እስከ መጨረሻው ምድጃ 24 ሜትር፣ ስምንት ጎሚቶና ቲ ሲጨመር 28 ሜትር ሆነ።

ግማሽ ኢንቹ (ውስጡ 16.1 ሚሊሜትር ነው) 8.3 ሚሊባር ይበላል። ሦስት አራተኛ ኢንች 1.9። አንድ ኢንች 0.6 ብቻ። እኔ ለቧንቧው የምፈቅደው የ30 ሚሊባርን ከመቶ 5፣ ማለትም 1.5 ሚሊባር ነው። ስለዚህ አንድ ኢንች።

ቧንቧ ሠራተኛው "አብሽር፣ ሦስት አራተኛው ይበቃል፣ ልዩነቱ እኮ ትንሽ ናት" ብሎኝ ነበር። በዓይን ትንሽ ናት። ቀመሩ ላይ ግን ስፋቱ አምስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ከግማሽ ወደ አንድ ኢንች ስትሄዱ የሚጠፋው ግፊት ወደ 14 እጥፍ ይቀንሳል። ርዝመቱን በግማሽ ብታሳጥሩት የምታተርፉት ግን ግማሹን ብቻ ነው። ብር የሚወጣው ስፋት ላይ ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ስሌቱ ለድሮው መስመር 8.3 ሲል እኛ የለካነው 6 ነበር፣ ሁለቱ አይጣሉም። ግፊት ሲወርድ ምድጃው የሚስበው ጋዝ ራሱ ይቀንሳል፣ በቧንቧው የሚሄደው ስላነሰ ብክነቱም ያንሳል። ስለዚህ በተዳከመ መስመር ላይ የምትለኩት ቁጥር ሁልጊዜ ችግሩን አሳንሶ ነው የሚያሳየው።

ደሴ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፣ ከፍታው። ወደ 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋዙም እዚያው ልክ ይሳሳል። ጂግለሩ፣ ማለትም ጋዙ ወደ እሳቱ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ሳይነካ ምድጃው ከተለጠፈበት ኪሎዋት ከመቶ 13 ያህል ያንስበታል፤ ይህን ቧንቧ አያስተካክለውም። ጂግለሩን በመሰርሰሪያ ማስፋት ግን ክልክል ነው ብዬ ነው የምነግራችሁ። አየሩም ስለሳሳ ጋዙን ብቻ ብትጨምሩ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ድስት ያጠቁራል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እኔ ያደረግኩት ሙሉውን 84 ኪሎዋት በሳሳ ጋዝ እየሄደ ነው ብዬ በከፋው በኩል ማስላት ነው። ብክነቱ በ1.3 ይባዛል። አንድ ኢንቹ 0.8 ሆነና አሁንም አለፈ። ሦስት አራተኛው 2.4 ሆነ። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጭማሪው ያንሳል፣ ግን እዚያም ዜሮ አይደለም።

ወደ ጭስ መሳቢያው ልምጣ። ሁዱ 3 ሜትር በ1.2 ነው፣ በሰዓት 4,500 ሜትር ኩብ ገደማ ይስባል። ባለቤቱ ፋኑ ካልሠራ ጋዙ እንዲዘጋ ተስማማ። ኤሌክትሪሺያኑ በመብራት የሚከፈተውን የጋዙን ሶሌኖይድ ቫልቭ ከፋኑ ኮንታክተር ጋር ሊያስረው ነበር። ይሄ ብዙ ቦታ የሚሠራ ነገር ነው፣ ግን ኮንታክተር የሚናገረው ሞተሩ መብራት ማግኘቱን ብቻ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ሞተሩ ይዞራል፣ ፋኑ ቆሟል፣ ጋዙ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ መምጣት ያለበት ከአየሩ ነው። ከማጣሪያውና ከፋኑ መካከል ቧንቧው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ከግፊት ስዊች ጋር አገናኘነው። በንጹሕ ማጣሪያ 120 ፓስካል ሳበ፣ ስዊቹን 70 ላይ አደረግነው። ከዚያ በታች ከወረደ ጋዝ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ። ማጣሪያው በቅባት ሲደፈን አየሩ ይቀንሳል፣ ስዊቹ የሚያነበው ስበት ግን ይጨምራል። ፋኑ እየታገለ ስለሆነ ማለት ነው። ስዊቹ "ሁሉም ሰላም" ይላል፣ ኩሽናው በጭስ ይታፈናል። ስለዚህ ሁለተኛ ስዊች ጨመርን፣ ከ200 ፓስካል ሲያልፍ ቀይ መብራት የሚያበራ። እሱ ጋዙን አይዘጋም። ማጣሪያ እጠቡ ነው የሚለው። ንጹሕ አየር የሚያስገባው ፋንም የራሱ ስዊች አለው፣ እሱ ከቆመ ግን ጋዙ ይዘጋል።

ቫልቩ መብራት ሲያጣ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን፣ ለጋዝ የተሠራ እንጂ የውሃ ቫልቭ አይሁን። መጠኑንም ተመልከቱ። በአንድ ኢንች መስመር ላይ ግማሽ ኢንች ቫልቭ ከገባ ያተረፋችሁትን ግፊት እሱ ይበላዋል። ከእሱ ጋር በአንድ መስመር የበሩ አጠገብ ቀይ ቁልፍና የጋዝ ጠቋሚ ታስረዋል። ጠቋሚው ከወለሉ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ጠቋሚ አይጠቅማችሁም።

ከሁሉም የተከራከርኩት ስለ መብራት መመለስ ነው። መብራት ሲሄድ ቫልቩ ይዘጋል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ የምድጃው ቁልፎች ግን እንደተከፈቱ ይቀራሉ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቫልቩ በራሱ ቢከፈት ያልተለኮሰ ጋዝ በሁሉም ምድጃ ይፈስሳል። ስለዚህ ቫልቩ የሚከፈተው ሰው በቁልፍ ሲያስጀምረው ብቻ ነው። ያኔም የቫልቩ መቆጣጠሪያ ሳጥን መጀመሪያ ትንሽ ጋዝ ለቆ መስመሩ ግፊት መያዙን ያያል። አንድ ምድጃ ክፍት ከሆነ ግፊቱ አይያዝም፣ ቫልቩም አይከፈትም። ባለቤቱ "ስንቴ መብራት በሄደ ቁጥር ሰው ይምጣ እንዴ?" አለኝ። አዎ፣ ይምጣ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ የፈተንነው ሁሉም እሳት ተለኩሶ ፋኑን በማጥፋት ነው። እሳቶቹ በጥቂት ሰኮንድ ጠፉ። ከዚያ አንዲት ትንሽ እሳት ብቻ ለኩሰን ደገምነው፣ እሷ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆየች። ወጥ ሠሪዋ ደነገጠች፣ ግን ትክክል ነው። ከቫልቩ ወዲህ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ጋዝ እስኪያልቅ ትንሽ እሳት ቀስ እያለች ነው የምትበላው። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በላይ ከነደደች ግን ቫልቩ በደንብ አልዘጋም፣ መቀመጫው ላይ ቆሻሻ ይኖራል።

በመጨረሻ ሁለቱን ሳንቃዎች መልሰን ሰካናቸው። ከሬጉሌተሩ እስከ መጨረሻው ምድጃ፣ ከነቫልቩ፣ ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። መጨረሻው ምድጃ አጠገብ መለኪያ የሚሰካበትን ቦታ በክዳን ዘግተን ትተነዋል። ምድጃ ሲጨመር መጀመሪያ እዚያ ይለካል፣ ቲው ከዚያ በኋላ ይቆረጣል።