አንድ ጽሑፍ፣ ሦስት ፍርድ

ባለፈው ሰኔ ጅማ ውስጥ በማስተምርበት ኮሌጅ የማማክራት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን አስገባች። ርዕሷ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲደርቅ እርጥበቱ በየቀኑ እንዴት እንደሚቀንስ ነው። መረጃውን የሰበሰበችው ጎማ ወረዳ ካለው የቤተሰቦቿ ማሳ ነው። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አብሮኝ የሚገመግመው መምህር ሁለት ገጽ እንዳነበበ "ይሄማ የኤአይ ነው" አለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ያንኑ ጽሑፍ የሰው ይሁን የኤአይ እንለያለን ለሚሉ ሦስት ዲቴክተሮች ሰጠሁ። የመጀመሪያው 88 በመቶ ኤአይ አለ። ሁለተኛው 14 በመቶ። ሦስተኛው ቁጥር አይሰጥም፤ "ሰው የጻፈው" ብሎ አለፈ። ደነገጥኩ። የልጅቷ ምርቃት አንዱን በማመኔ ላይ ሊንጠለጠል ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት የየአንዳንዱን ማብራሪያ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። ይህን ሳላደርግ ማወዳደሬ ስህተት ነበር። የመጀመሪያው 88 ያለው ጽሑፉ የኤአይ ስለመሆኑ ያለውን እርግጠኝነት ነው። ሁለተኛው ግን የሚቆጥረው ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከመቶው 14ቱን ጠርጥሯል ማለት ነው። አንዱ ስለ እርግጠኝነት፣ አንዱ ስለ መጠን እያወራ እኔ ሁለቱን እንደ አንድ ሚዛን አየኋቸው። ሦስተኛው ደግሞ ንጹሕ ሰው እንዳይወነጅል ሲባል መስፈሪያው ከፍ ተደርጓል። "ሰው የጻፈው" ሲል በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ማለቱ ነው።

ቀጥሎ የተቀለሙትን ዓረፍተ ነገሮች አየሁ። ሁለተኛው የጠረጠራቸው በሙሉ የሚገኙት የአሠራር ዘዴው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተለካ፣ በስንት ድግግሞሽ። ይህ ግራ አያጋባም። ብዙ ዲቴክተሮች ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ የሚቀጥለው ቃል ምን ያህል ሊገመት እንደሚችል ነው። የዘዴ ምዕራፍ ደግሞ ማንም ቢጽፈው ያው ነው። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው የሚያውቃቸውን ጥቂት አስተማማኝ ቃላት ደጋግሞ ይጠቀማል። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የቶፍል ተፈታኞች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት ዲቴክተሮች ፈትነው ነበር። ሰዎች የጻፏቸው ሆነው ሳለ በአማካይ ከ61 በመቶ በላይ የሚሆኑት የኤአይ ተብለዋል። የኛ ልጆች የሚጽፉት እንግሊዝኛ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ግን ግምት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መለኪያዎቹን ራሳቸውን መለካት ፈለግሁ። በ2008 ዓ.ም. የጻፍኩትን የራሴን የመመረቂያ ጽሑፍ አወጣሁ። ቻትጂፒቲ የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ አያከራክርም። የዘዴ ምዕራፌን ስሰጠው የመጀመሪያው 71 በመቶ ኤአይ አለኝ። ሌሎቹ ሁለቱ አለፉኝ። ከዚያ በኤአይ የተጻፈ መሆኑን በእርግጠኝነት የማውቀውን ተመሳሳይ ምዕራፍ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያው 97፣ ሁለተኛው 60 አሉ። ሦስተኛው "ሰው የጻፈው" አለ!

እዚህ ላይ ነገሩ ፍንትው አለልኝ። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የመጀመሪያው ሁሉንም ይጠረጥራል፣ ሦስተኛው ሁሉንም ያሳልፋል። የአንዱ "ነው" እና የሌላኛው "አይደለም" ለኔ ጉዳይ ክብደት አልነበራቸውም። ሁለቱን ናሙናዎች የለየልኝ ሁለተኛው ብቻ ነው፤ የተማሪዬም 14 ከ60ው ይልቅ ወደ እኔ ይቀርባል። ያም ሆኖ በሁለት ናሙና ብቻ ሰው አይፈረድም።

በማግሥቱ ጠራኋትና የመጀመሪያውን ረቂቅ እንድትልክልኝ ጠየቅኳት። "ቲቸር፣ ሰዋስው ማረሚያ ተጠቅሜያለሁ፤ አይቻልም እንዴ?" አለችኝ። ረቂቁን ለመጀመሪያው ዲቴክተር ስሰጠው 88ቱ ወደ 52 ወረደ። ሐሳቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰዋስው ስህተቱና የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ ነው። ማረሚያው ሸካራውን ሲያለሰልስ የሚገመተውን ቃል አብዝቶታል።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ባለ ካሬ ደብተር አወጣች። ጠዋትና ከሰዓት የተለካ እርጥበት በእስክሪብቶ ተደርድሯል። ዘጠነኛው ቀን ባዶ ነው፤ ጎኑ ላይ "ዝናብ" ተብሎ ተጽፏል። ምን እንዳደረጉ ስጠይቃት አባቷ ሸራ እንዳለበሱት፣ በማግሥቱ ሲገልጡት ቡናው መልሶ እርጥበት እንደሳበ ነገረችኝ። ጽሑፏን ገልጬ አየሁ። ግራፉ ላይ ከዘጠነኛው ቀን በኋላ መስመሩ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል።

ሰዋስው ማረሚያ መጠቀሟን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድትገልጽ አድርጌ ጽሑፉን አጸደቅሁት። የግምገማ ቅጹ ላይ የዲቴክተር ውጤት የሚል ቦታ አለ። ሦስቱንም ውጤቶች ከነትርጉማቸው፣ ከሥራቸው የ2008ቱን የራሴን 71 ጻፍኩበት።