ጭንቅላት መዋዋስ፦ 14 ሰው፣ 28 ክፍት ዓይን

የፋሲካ ዕለት አያቴ ግቢ ውስጥ 14 ሰው አሰልፌ 16 ፎቶ አነሳሁ። ከ16ቱ በአንዱም ላይ ሁሉም ሰው ዓይኑን አልከፈተም። በአንዱ አጎቴ ያንቀላፋ ይመስላል። በሌላው የአክስቴ ትንሿ ልጅ ዶሮ ስታይ ዞራለች። አያቴ ደግሞ ካሜራ ባየች ቁጥር እንደ ጸሎት ሰዓት ዓይኗን ትጨፍናለች። ስለዚህ እንደ አምናው ጭንቅላት ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው ማዋስ ነበረብኝ። ዘንድሮ ግን ከአምናው በጣም የተሻለ ስለሆነ እንዴት እንደሠራሁት ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የአምናውን ውርደት። ያኔ የአጎቴን ዓይን ብቻ ከሌላ ፍሬም ቆርጬ ለጠፍኩ። ጭንቅላቱን ሙሉ መቀየር ከባድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ፎቶውን አየችና «ዓይኑ የሱ ነው፤ ሰውየው ግን ማነው?» አለች። ልክ ነበረች። አጎቴ ዓይኑን የጨፈነው እየሳቀ ነው። ሰው ከልቡ ሲስቅ ጉንጩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የታችኛው የዓይን ቆብ ያብጣል፣ የዓይኑ ጠርዝ ይሸበሸባል። እኔ የለጠፍኩት ዓይን ግን ዝም ብሎ ከቆመበት ፍሬም የመጣ ነው። ከአፍንጫ በታች እየሳቀ ከአፍንጫ በላይ የሚቆጣ ሰው ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ ዓይን አላውስም፣ ካዋስኩ ጭንቅላቱን ሙሉ ከነአንገቱ ነው።

አነሳሱ ላይም ተሳስቼ ነበር። አምና የካሜራውን ቁልፍ ተጭኜ ሳልለቅ 10 ፎቶ በአንድ ትንፋሽ አነሳሁ። ብዙ ምርጫ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያርገበግባል፤ አንዱ እርግብታ የሰከንድ ሲሶ ሊወስድ ይችላል። ካሜራዬ በሰከንድ 8 ያነሳል። ስለዚህ አንድ እርግብታ ብቻውን ሁለት ሦስት ፍሬም ይበላል። አሥሩም ፎቶ ከአንድ ሰከንድ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያለቁ ናቸው፤ ሰዎቹም በሁሉም ላይ ያው ፊት፣ ያው ስሜት ነበራቸው። አሥር ፎቶ አነሳሁ እንጂ አሥር ምርጫ አላገኘሁም። ዘንድሮ አራት አራት እያደረግሁ በመሃሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ እያረፍኩ አራት ዙር አነሳሁ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ «ዓይን ጨፍኑ፤ ሦስት ስል ክፈቱ» እያልኩ ነው። ሦስት ካልኩ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቄ ስጫን አብዛኛው ሰው ገና ከፍቷል፣ ለማርገብገብም አልደረሰም። አያቴ ላይ ይሄም አልሠራም።

እግረ መንገዴን፣ በዚህ ጉዳይ የተሠራ ሒሳብ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ ኒክ ስቬንሰን እና ፒርስ ባርንስ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ ለሚያስቅ ምርምር የሚሰጠውን ሽልማት ያገኙበት ነው። ከ20 ሰው በታች ከሆነና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ የሰውን ብዛት ለ3 አካፍል፣ ያን ያህል ፎቶ አንሳ ይላል። ለኛ ቤተሰብ አምስት ፎቶ ማለት ነው። ግን ሒሳቡ እርግብታን እንጂ ዶሮን አያውቅም።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ ነበር። ፎከሱን፣ ብርሃኑን፣ የቀለም ሚዛኑንም በእጅ ቆልፌያለሁ። ጥላ ውስጥ ነበርን፦ f/8፣ 1/250፣ ISO 400። አውቶማቲክ ላይ ብተወው ኖሮ አንድ ሰው ነጭ ነጠላውን ባስተካከለ ቁጥር ካሜራው ብርሃኑን ይቀያይርብኝ ነበር፤ ያኔ የሁለት ፍሬም ፊት አንድ አንገት ላይ አይገጥምም። በስልክ የምታነሱ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት አብዛኛው ስልክ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፋል።

ቀጥሎ መነሻ ፍሬም መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል፤ ብዙ ዓይን የተከፈተበትን ይመርጣል። እኔ ወረቀት ላይ የ14ቱን ስም ጽፌ በየፍሬሙ ምልክት አደረግሁ። 11ኛው ፍሬም ላይ 12 ሰው ዓይኑን ከፍቷል። ግን ትንሿ ልጅ ግማሽ አካሏ ዞሯል፣ አጎቴም ወደሷ ተጎንብሷል። 7ኛው ላይ የከፈቱት 10 ብቻ ናቸው፤ የሁሉም ትከሻ ግን ቦታው ላይ ነው፣ እጁም አርፏል። 7ኛውን ወሰድኩ። ትከሻው ያልተንቀሳቀሰ ሰው ጭንቅላት ማዋስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተጎነበሰን ሰው ማቅናት ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጣል።

ስለዚህ የሚቀየሩት አራት ሆኑ፦ አጎቴ፣ ከኋላ የቆመው የአክስቴ ልጅ፣ ትንሿ ልጅ፣ አያቴ።

ፎቶሾፕ ላይ ፍሬሞቹን በአንድ ፋይል ደራርቤ፣ ሁሉንም መርጬ Edit > Auto-Align Layers አልኩ። ትራይፖድ ቢኖርም በተጫንኩ ቁጥር ትንሽ ይነቃነቃልና ይሄን አልዘልም። ጂምፕ የምትጠቀሙ የላይኛውን ሌየር ሞድ Difference ላይ አድርጉት። ሁለቱ ሥዕሎች ሲገጥሙ ምስሉ ይጠቁራል፤ ያልገጠመው ቦታ እንደ ጭረት ይበራል። እስኪጠቁር ድረስ በቀስት ቁልፍ መግፋት ነው።

ከአጎቴ ጀመርኩ። ዓይኑ የተከፈተበትን ፍሬም በላይ አድርጌ ጥቁር ማስክ ሰጠሁት፤ ጥቁር ማስክ ሌየሩን ሙሉ ይደብቃል። ከዚያ በነጭ ብሩሽ ጭንቅላቱ ያለበትን ቀባሁ፣ አዲሱ ፊት ወጣ። አምና በፀጉሩ ዳር ዳር እንደ ቀዶ ሐኪም ስቆርጥ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ውጤቱ እንደ ካርቶን ሆነ። ዘንድሮ አልቆረጥኩም። ከኋላው ያለው የብሎኬት ግድግዳ በሁለቱም ፍሬም አንድ ነው። ታዲያ ለምን ፀጉር ላይ እሠቃያለሁ? ጭንቅላቱን ከነግድግዳው በሰፊው ቀባሁ። ስፌቱ ግድግዳው ላይ ስለወደቀ አይታይም። ጠበብ ያለ ሥራ የቀረኝ አንድ ቦታ ነው፣ ኮሌታው። እዚያ አዲሱ ፍሬም ጥቂት ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዷል። ግድግዳው ገጥሞ ሰውየው ካልገጠመ ሰውየው ራሱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ሌየሩን በኮሌታው ልክ መልሼ ገፋሁት። ግድግዳው ላይ የብሎኬቱ መስመር ተሰበረ፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ማስኩን ወደ ጆሮው አጠበብኩት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ሁሌም ለአንገቱ ነው የማደላው። የተጣመመ አንገት ማንም ያያል፤ የተሰበረ የብሎኬት መስመር ግን የኔ ቢጤ ብቻ ነው የሚያየው።

ከኋላ ያለው የአክስቴ ልጅ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ትንሿ ልጅ ግን ሁለት ምሽት ወሰደች።

ችግሩ እሷ አይደለችም፣ የአክስቴ ቀሚስ ነው። ልጅቷ የቆመችው ከአክስቴ ፊት ነው። ጭንቅላቷ ልክ የሐበሻ ቀሚሱ ጥበብ ላይ ይወድቃል። በ7ኛው ፍሬም ጭንቅላቷ ወደ ግራ ነው፣ ዓይኗን በከፈተችበት 14ኛው ደግሞ ወደ ቀኝ። ቀኙን ሳስገባ ግራው አልጠፋም፤ ልጅቷ ሁለት ግማሽ ጭንቅላት አወጣች። ግራውን ለማጥፋት ከ14ኛው ፍሬም ቀሚሱንም ማምጣት አለብኝ። አመጣሁ። ያኔ ጥበቡ ተጣላ። አክስቴ በሁለቱ ፍሬሞች መሃል ትንፋሽ ስባለች መሰለኝ፣ የጥበቡ መስቀል ለጥቂት ሳይገጥም ቀረ። ሜዳ ጨርቅ ቢሆን ማንም አያውቅም። ጥበብ ግን እኩል እየተደጋገመ የሚወርድ ስለሆነ አንዱ ክንድ ሲሰበር ከሩቅ ይጮሃል። ብሩሹን ባለሰልሰው መስቀሉ ጥላ አወጣ፣ ሁለት ሁለት ሆነ። ባጠነክረው ተቆረጠ።

መፍትሔው ስፌቱን ከጥበቡ ላይ ማንሳት ሆነ። የአክስቴን ደረት ሙሉ ከ14ኛው ፍሬም ወሰድኩ፣ ከአንገቷ ሥር እስከ መቀነቱ። ስፌቱን ነጠላው በቀሚሱ ላይ ጥላ በጣለበት ጨለማ መስመር ላይ አሳረፍኩት። ጥበቡ አሁን ሁሉም ከአንድ ፍሬም ነው፣ የሚጣላው የለም።

የአያቴም ከዚህ የተማርኩት ነው። ነጠላዋን በየመሃሉ ታስተካክላለች፣ እጥፋቱ በየፍሬሙ ሌላ ነው። ፊቷን ብቻ ብወስድ ነጠላው አገጯ ሥር ይቆረጣል። ነጠላውን ከነትከሻዋ ወሰድኩ። ደግነቱ ዳር ላይ ነው የተቀመጠችው። ብቻ እሷ ዓይኗን የከፈተችው በመጨረሻው ዙር ነው፤ ያኔ ደመና መጥቶ ነበር። ፊቷ ከጎረቤቷ ጠቆር ብሎ ቀረ። በእሷ ሌየር ላይ ብቻ የሚሠራ Curves ጨምሬ መሃሉን ትንሽ አነሳሁ። ያመሳከርኩት ደግሞ በፊቷ አይደለም፣ በነጠላዋ ነው። የሷ ነጠላና የአክስቴ ነጠላ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ እነሱ እኩል ሲሆኑ ፊቷም ቦታው ገባ።

ሲያልቅ ፎቶውን ግራ ቀኝ ገልብጬ አየሁት። ሥዕሉ ሲገለበጥ የለመድኩት ፊት አዲስ ይሆንብኛል፣ ስሕተትም ቶሎ ይታየኛል። ምንም አላገኘሁም። 30 በ40 አሳጥቤ ፍሬም አስገብቼ ለአያቴ ወሰድኩ።

ሳሎን ተሰቀለ። እናቴ ቡና ይዛ ቀረብ ብላ አየችው። ዓይኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጣቷን አጎቴ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ እጅ የማን ነው?»

አራት ጣት። የአጎቴን ጭንቅላት ባዋስኩበት ፍሬም የአክስቴ ልጅ ከኋላ ትከሻውን ይዞት ኖሯል። በ7ኛው ፍሬም ግን እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ያ ሰፊ ብሩሼ ጣቶቹን ይዞ መጥቶ ክንዱን ትቶታል። ፋይሉን በዚያው ምሽት አስተካክዬ እንደገና ላሳጥበው ብል አያቴ አሻፈረኝ አለች። «ተወው ልጄ፤ የሞቱት ወንድሜ ናቸው የያዙት» ትላለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ።