አምስት የገንዘብ ምንጭ፣ አምስት የመክፈያ ቀን

በቱሉ ዲምቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የምትገኘውን የብረታ ብረት ሥራ ቤቴን የከፈትኩት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ተቀጥሬ በብየዳ ሥራ ኖሬያለሁ፤ ሙያውን አውቀው ነበር፤ ገንዘቡ ግን የየራሱ ባሕርይ እንዳለው አላውቅም ነበር። መነሻ የሆነኝ ገንዘብ በጠቅላላው 220,000 ብር ነበር፤ 68,000 የራሴ ቁጠባ፣ 40,000 ከታላቅ እህቴ የተበደርኩት፣ 112,000 ደግሞ አሜሪካ ከሚኖረው የአጎቴ ልጅ የተላከልኝ ነው። በኋላ የዕቁብ ገንዘብና የማይክሮ ፋይናንስ ብድር ተጨመሩበት። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው የጎዳኝ የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን አምስቱም ምንጮች የሚመለሱበትን ጊዜ ሳላመዛዝን መቀበሌ ነበር።

ስለ ቁጠባዬ ብዙ የምለው የለኝም። ከጠቅላላው 220,000 ብር የሦስት ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያ 27,000፣ የመብራት መስመር ዝርጋታ 10,000፣ የብየዳ ማሽንና ሌሎች መሣሪያዎች 95,000፣ የመጀመሪያ ቱቦላሬና ላሜራ 50,000 ብር ወሰዱ። የቀረው 38,000 ብር ለቤቴ ቀለብ የያዝኩት ነበር፤ እርሱንም በሁለተኛው ወር ነካሁት። ቁጠባን ለመነሻ ማዋል አበዳሪ ስለሌለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የቤተሰብ መጠባበቂያ ሲያልቅ ሰው ለቀለብ ሲል ሥራን በኪሳራ ዋጋ ይቀበላል፤ እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ።

የእህቴ ገንዘብ በወረቀት የሰፈረ ነበር። እርሷ «በእኔና በአንተ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ እኔ ግን ቀድሞ የሠራሁበት ቤት ባለቤት ከወንድሙ ጋር «የሰጠሁህ ብድር ነው ወይስ ድርሻ?» በሚል ክርክር ሲለያዩ በዓይኔ አይቻለሁና አልተውኩትም። ከዚህም በላይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በሁለት ምስክር ፊት ገንዘቡ ብድር እንጂ ድርሻ አለመሆኑንና ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚመለስ ጽፈን ተፈራረምን። ያን ዓይነት ጥንቃቄ ለአጎቴ ልጅ አለማድረጌ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የአጎቴ ልጅ በጥር ወር 2,000 ዶላር በባንክ ላከልኝ። በጊዜው አንድ ዶላር በባንክ 56 ብር ገደማ ስለነበር በእጄ የገባው 112,000 ብር ነው። በጥቁር ገበያ ቢልከው እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ሕገ ወጥ መሆኑም፣ ገንዘቡ በመንገድ ቢቀር የምንጠይቀው አለመኖሩም ስላሳሰበን ተውነው። በስልክ የተነጋገርነው «ስትችል ትመልስልኛለህ» የሚለውን ብቻ ነበር። በዶላር ወይስ በብር እንደምመልስ አንዳችንም አላነሳንም፤ እርሱ 2,000 ዶላር እንዳበደረኝ ያስባል፣ እኔ 112,000 ብር እንደተበደርኩ አስባለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የሁለታችን ሐሳብ በአንድ ቀን ተራራቀ።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ፤ የደረሰብኝ ችግር የጀመረው ከዚያ ነውና። የሥራ ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ብረት በጅምላ ብገዛ እንደሚረክስ ስላየሁ በአካባቢው ነጋዴዎች ዕቁብ ገባሁ። ሠላሳ ሰዎች በየሳምንቱ 2,000 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት 60,000 ብር ይወስዳል። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ገና ያልወሰዱ ሦስት አባላትን በዋስነት ማቅረብ አለበት። በአራተኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት አንድ ልብስ ሰፊ ገንዘቡን ለጊዜው እንደማይፈልገው ሲናገር ሰማሁና 4,000 ብር ሰጥቼው ዕጣውን ገዛሁት። «ዕቁብ ወለድ የለውም» የሚለውን አባባል አምኜ ስለነበር ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር።

ሒሳቡን በጽሑፍ የሠራሁት ዘግይቼ ነው። ለዕጣው 4,000 ከፍዬ የቀረልኝ 56,000 ብር ነው፤ እስከዚያ ሳምንት 8,000 ጥዬ ስለነበር በእርግጥ የተበደርኩት 48,000 ብር ብቻ ነው። የቀሩኝ 26 ሳምንታት ስለሆኑ የምከፍለው 52,000 ብር ነበር። በግማሽ ዓመት ውስጥ 4,000 ብር ትርፍ መክፈል ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዕዳው በየሳምንቱ እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ በእጄ ላይ በአማካይ የሚቆየው ግማሹ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዓመት ሲሰላ ከ30 በመቶ በላይ ወለድ ይሆናል። ዕጣ የሚገዛ ሰው ይህን አስቦ ቢገዛ ጥሩ ነው። መጨረሻ ላይ የሚወስደውም ቢሆን የሚያጣው አለ፤ ከወራት በፊት የጣለው ብር በሚወስድበት ቀን የሚገዛው ዕቃ ያንሳል።

ከወለዱ ይልቅ የጎዳኝ ግን የመክፈያው ቀን ነበር። በር ወይም አጥር የሚያሠራ ደንበኛ ግማሹን ቀብድ ይሰጣል፣ ሥራው ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ቀሪው ክፍያ ከተገጠመ በኋላም ይጓተታል። ገቢዬ በአንድ ጊዜ የሚመጣና ከዚያ የሚጠፋ ሲሆን ዕቁቡ ግን እሑድን አይዘልም። ዕቁብ 2,000፣ የረዳቴ ደመወዝ 1,500፣ ኪራዩ ሲካፈል 2,100 ያህል፤ ገና ቤቴ ሳይበላ በየሳምንቱ 5,600 ብር ማግኘት ነበረብኝ። በግንቦትና በሰኔ ተሳካልኝ። ክረምቱ ሲገባ ግንባታ ቀዘቀዘ፣ መብራትም ይቆራረጥ ጀመር፤ በሐምሌ ወር በሙሉ ከብረት ወጪ የተረፈኝ የእጅ ዋጋ 13,000 ብር ብቻ ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ደንበኛ ለ60,000 ብር የግቢ በር 30,000 ብር ቀብድ ሰጠኝ። ለብረቱ 38,000 ብር ያህል ገምቼ ነበር። ብረቱን በዚያው ቀን ከመግዛት ይልቅ 14,000 ብሩን ለዕቁብና ለኪራይ ከፈልኩ፤ ከሌላ ሥራ እተካዋለሁ ብዬ ነበር። የምንዛሪው ለውጥ በተነገረ ማግስት ወደ ብረት ነጋዴዎች ስሄድ አንዳንዶቹ «ዋጋ አልወጣም» ብለው መሸጥ አቆሙ፤ ዋጋ ሲወጣም ያው ብረት 51,000 ብር ሆነ። ከደንበኛው ጋር የተዋዋልኩት በቁርጥ ዋጋ ስለነበር 22,000 ይተርፈኛል ያልኩት ሥራ 9,000 ብቻ ተረፈው፤ የተነካውን 14,000 ብር የምተካበትም አልነበረኝም። በነሐሴ ሁለት እሑድ ዕቁብ ሳልጥል ቀረሁ። 4,000 ብሩን ዋሴ የሆነው ባለ ሱቅ ከፈለልኝ። ሰውየው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ነገር ግን ያ ዕዳ እስኪመለስ ድረስ በሱቁ ፊት ማለፍ አፍሬ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ሰው ቀብድ መንካት እንደጀመረ የሚያውቅበት ምልክት አለ። የአዲሱ ደንበኛ ገንዘብ የቀድሞውን ደንበኛ ብረት መግዣ ሲሆን፣ ሥራ ቢበዛም እጅ ባዶ ሲሆን፣ ሥራ ቤቱ በቀብድ የሚተነፍስ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቀብድን በሌላ የባንክ ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ብረቱንም ቀብዱ በገባበት ቀን እገዛለሁ፤ የምሰጠው ዋጋ የሚጸናው ለአምስት ቀን ብቻ መሆኑን በወረቀት እጽፋለሁ።

በመስከረም የአጎቴ ልጅ ደወለ። «ሁለት ሺህ ዶላሬን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አለ። ዶላር በባንክ ከ110 ብር በላይ ደርሶ ስለነበር እርሱ የሚጠብቀው 220,000 ብር ሆኖ ነበር። ገንዘቡን እርሱም በክሬዲት ካርድ ወስዶ እንደላከልኝና ወለድ እየከፈለ እንደሆነ የነገረኝ በዚያን ዕለት ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ትርፍ ገንዘብ አለው ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እኔም ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም ነበር። ሁለታችንም የምናከብረው ታላቅ አጎታችን በመካከላችን ገብተው 112,000ን እና 220,000ን ደምረው ለሁለት ከፈሉት፤ 166,000 ብር በሚለው ተስማማን። ዶላር ፈልጌ እንዳልልክ ደግሞ ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት እናቱ እርሱ በየወሩ ይቆርጥላቸው የነበረውን መደጎሚያ እኔ በብር በ7,000 ብር እንድተካ ተደረገ። ይህ መንገድ ለሁለታችንም ተስማማ፤ ከመጀመሪያው አስበነው ቢሆን ኖሮ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳንነጋገር ባልቆየን ነበር።

የመጨረሻው ምንጭ የማይክሮ ፋይናንስ ብድር ነው። ዕቁቡን በኅዳር መጨረሻ ጨርሼ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. 100,000 ብር ለሁለት ዓመት ተበደርኩ። ወለዱ 15 በመቶ ነው ተባልኩ። በዚህ ጊዜ ግን ስለ ሒሳብ ተምሬ ስለነበር «በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚታሰብ ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ ላይ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ በመጀመሪያው ብድር ላይ የሚል ነበር። እንዲህ ከሆነ የሁለት ዓመቱ ወለድ 30,000 ብር፣ የወሩ ክፍያ 5,417 ብር ይሆናል፤ ግማሹን ዕዳ ከመለስኩ በኋላም በሙሉው ላይ ወለድ እከፍላለሁ ማለት ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ ኖሮ ይኸው ክፍያ ወደ 27 በመቶ ከሚጠጋ ወለድ ጋር እኩል ነው። ሆኖም ከገዛሁት የዕቁብ ዕጣ አይበልጥም፤ ክፍያውም በወር እንጂ በሳምንት አይደለም።

ብድሩን የወሰድኩት ላሜራ ማጠፊያ ማሽን ለመግዛት ብቻ ነው። ማሽኑ ስላልነበረኝ ለማሳጠፍ በየወሩ 6,000 ብር ያህል ለሌሎች እከፍል ነበር፤ ስለዚህ የወሩ ክፍያ አዲስ ወጪ አልሆነም፤ ቀድሞ ይወጣ የነበረው ገንዘብ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ። ያልተዋጠልኝ ዋስትናው ነው። ተቋሙ ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ስለጠየቀኝ የፈረመልኝ የእህቴ ባል ነው። የእህቴ 40,000 ብር በእኔ ላይ እያለ የባሏም ደመወዝ ታሰረ። ምንጮቼ አምስት ናቸው ስል የነበረው በእርግጥ ትክክል አልነበረም፤ ሥራ ቤቱ ቢዘጋ ሁለቱ ዕዳዎች በአንድ ቤት ላይ ይወድቁ ነበር። ስለዚህ እህቴን ከጊዜው በፊት ከፍዬ ለመጨረስ ወሰንኩ።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሌላ ዙር ዕቁብ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣልኝ፤ እኔ ግን የፈለግሁት ገንዘቡ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በሐምሌ እንዲደርሰኝ ነበር። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል አባል ምጣድ ልትጨምር ቸኩላ ስለነበር ተራችንን ተለዋወጥን። እንደ ልማዱ 4,000 ብር ልትሰጠኝ ዘረጋች፤ ሒሳቡን በወረቀት ሠርቼ ካሳየኋት በኋላ 2,000 ብር ተቀበልኳት።