ከጥር 17 ወደ ኋላ ሲቆጠር

ታናሽ እህቴ የተዳረችው ሰበታ፣ በእናታችን ግቢ ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ገንዘቡና የቀን መቁጠሪያው በእኔ እጅ ነበሩ፤ ሥራው ደግሞ በእናቴና በአክስቶቼ ትከሻ ላይ።

ውጭ ያለነው ወንድሞችና እህቶች መጀመሪያ የተስማማነው በፈረንጆች ገና ሰሞን ላይ ነበር፤ ሁላችንም ከሥራ ፈቃድ የምናገኘው ያኔ ነው። እናቴ በስልክ ሳቀች። «ልጄ፣ በጾመ ነቢያት ልትድሩልኝ ነው?» እውነቷን ነው፤ ታኅሣሥ 16 በጾሙ መካከል ይውላል። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ መሆን ነበረበት። በ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ሰኞ ስለዋለ፣ ቀጥሎ ያሉት እሑዶች ጥር 17 እና ጥር 24 ነበሩ። ሙሽራው ጥር 24ን ይመርጥ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ነነዌ ይገባል፤ መልሱ ማክሰኞ ሊሆን ነው፤ መልስ በሽሮ አይደረግም። ስለዚህ ጥር 17 ተቆረጠ።

ከዚያ ወደ ኋላ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ስንቆጥር ጥቅምት 23 እሑድ ላይ ደረስን። በወረቀት ላይ ሰፊ ጊዜ ይመስላል። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ እስከ ገና ዋዜማ 44 ቀን ነው። ስለዚህ የፍስክ ነገር የሚቀመስበት ጊዜ ከጾሙ በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት፣ ወይም ከገና በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንት ተኩል ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ለቅምሻ ዘገየ፤ ምግብ አዘጋጇን ለመለወጥ ጊዜ አይተርፍም።

በዚህ ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ የተደረገው የዶሮ ወጥ ቅምሻ ነበር። አክስቶቼ ሁለት ምግብ አዘጋጆች ዘንድ ሄዱ። የመጀመሪያዋ ወጥ ቀይና የሚያምር ነበር፤ ነገር ግን ሳህኑ ውስጥ ትንሽ እንደቆየ ውሃው ለብቻው፣ ቁሌቱ ለብቻው ሆነ። ታላቋ አክስቴ ሽንኩርቱ በደንብ እንዳልበሰለ ከዚህ አወቀች። ሁለተኛዋ ተቀጠረች፤ በርበሬው ግን ከእኛ እንዲሆን ተስማማን። በርበሬ ፀሐይ ስለሚፈልግ ያው በጥቅምት ተሰጥቶ፣ ተደልዞ፣ ተፈጨ።

ልብሱም በዚያው ሰሞን ታዘዘ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባልበት አገር ነውና፣ በታኅሣሥ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ሰው ከአገር ሁሉ ጋር ተሰልፎ ነው ሸማኔ የሚለምነው። የሁላችንንም ልክ በጥቅምት ላክን። እኔ ወገቤን ትንሽ አሳንሼ መላኬን እዚህ መናገር አያስፈልግም።

በጾሙ ጊዜ የሚሠራው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን በጾም ይሻላል። ሥጋ ፈላጊ ስለሚቀንስ ሰንጋው ለገና ገበያው ሳይሞቅ ተገዝቶ ጓሮ ታሰረ። ሰበታ መሆን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መሀል አዲስ አበባ በሬ ማሰሪያ ግቢ ያለው ዘመድ ከየት ይመጣል? ጠጁ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ተጣለ፤ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውሃ፣ ከዚያ ጌሾው። ጠላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀጠለ።

ድንኳኑ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። እድሩ ድንኳን አለው፤ ለአባል ኪራዩም ርካሽ ነው። የእድሩ ዳኛ ለእናቴ የነገሯት ይህ ነው፦ «እትዬ፣ ሰርግ ቀን ይቆረጥለታል፤ ሞት አይቆረጥለትም። ሐዘን ከመጣ ድንኳኑ ወደዚያ ይሄዳል።» እናቴ ራሷ የእድሩ አባል ስለሆነች ክርክር አልነበራትም። እኔ ግን ከሚያከራይ ሰው ዘንድ ሌላ ድንኳን እንዲያዝ ቀብድ ላክሁ። ቀብዱ የማይመለስ መሆኑን ስትሰማ ተቆጣች። ሐሙስ ዕለት ጎረቤት አረፉ፤ የእድሩ ድንኳን እዚያ ተተከለ፤ የእኛው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ለሟቹ ክብር ሲባል በዚያ ሌሊት ዘፈን አልተዘፈነም፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ሲልጡ ያደሩት በወሬ ብቻ ነው።

የእንጀራው ሊጥ ረቡዕ ተቦክቶ ቅዳሜ ተጋገረ። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ማገዶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ግማሹ እንጀራ የተጋገረውም በማገዶ ነው። ሰንጋው ቅዳሜ ወደ ማታ ታረደ፤ ለቁርጥ የሚሆነው ተለይቶ ተሰቀለ። መልሱ ማክሰኞ ሆነ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ የቀረው ሥጋ በዚያው ማታ ለጎረቤት ተከፋፈለ፤ ሐዘን ቤት ለተቀመጡትም ሳይረሳ ተላከ። ክልሱን የሙሽራው ዘመዶች ሐሙስ ደገሱ።