ጅምር ዘፈኖችና ስም አልባ ሽፋን

ሰሞኑን ማታ ማታ የቢትልስን አልበሞች ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እየሰማሁ ነው። ስሰማ ሽፋኖቻቸውንም አብሬ አያለሁ። በ1963 የወጣው የመጀመሪያው አልበም፣ “ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ”፣ አራቱ ልጆች ከፎቅ ደረጃ ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩ ሲስቁ ያሳያል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ሽፋኑ ላይ ከአልበሙ ስም ቀጥሎ ደግሞ “ከላቭ ሚ ዱ እና ከሌሎች 12 ዘፈኖች ጋር” የሚል ጽሑፍ አለ።

ይህቺ አጭር ጽሑፍ ያኔ አልበም ምን እንደነበር ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። አልበም ሰው አስቀድሞ የወደዳቸው ነጠላ ዜማዎች ነበር፤ ከጎናቸው ሌሎች ዘፈኖች ይጨመራሉ። ከአልበሙ 14 ዘፈኖች አራቱ ቀደም ብለው በሁለት ነጠላ ዜማዎች ወጥተዋል። የቀሩትን 10 በአንድ ቀን ቀርጸው ጨረሱ። ሽፋኑም ማስታወቂያ ነው። ሱቅ የገባው ልጅ የሚያውቀውን ዘፈን ስም አይቶ እንዲገዛ ታስቦ የተሠራ።

ዋናው ሥራ ነጠላ ዜማው ነበር። ትንሿ ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጿ አንድ ዘፈን ትይዛለች። ዘፈኑ ሬዲዮ ላይ እንዲሄድ ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ ማለቅ አለበት። ገና ሲጀምር ጆሮ መያዝ አለበት። አዝማቹ ቶሎ መምጣትና ደጋግሞ መመለስ አለበት። ከሁሉም በላይ ዘፈኑ ብቻውን መቆም አለበት። ከፊቱ መንገድ የሚጠርግለት፣ ከኋላው የሚደግፈው ሌላ ዘፈን የለም። ነጠላ ዜማ የራሱ ሥዕል ያለው ሽፋን እንኳ ብዙ ጊዜ አልነበረውም። እንግሊዝ ውስጥ የሚሸጠው መሃሉ ክብ ሆኖ በተቆረጠ የካምፓኒው የወረቀት ከረጢት ነበር።

እኛ አገር ይህ ልማድ ረዘም ብሎ ቆይቷል። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲጀምር አብዛኛው ሥራው እነዚሁ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን ዘፈኖቻችን እያንዳንዳቸው ሙሉ ሆነው የሚሰሙኝ ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። አንድ ገጽ፣ አንድ ዘፈን፣ አለቀ።

ትልቁ ባለ 33 ዙር ሸክላ ያኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ገበያ ላይ የዋለው በ1948 ነው። በአንድ ገጹ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይይዛል። ግን ለክላሲካል፣ ለጃዝና ለቲያትር ሙዚቃ የሚታሰብ የትልቅ ሰው ዕቃ ነበር። የተለወጠው የሮክ ሰዎች በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ምን እንደሚያደርጉ ነው። ቢትልስ በኦገስት 1966 የመድረክ ጉዟቸውን አቆሙ። ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ዘፈን አራት ሆነው መድረክ ላይ መጫወት አይጠበቅባቸውም። ስቱዲዮ ቁጭ ብለው የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይወስዳሉ።

መጀመሪያ ከሠሯቸው መካከል “ስትሮውበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር” እና “ፔኒ ሌን” ካምፓኒው ነጠላ ዜማ ስለፈለገ በፌብሩዋሪ 1967 ወጡ። ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ባለው ልማዳቸው በነጠላ የወጣ ዘፈን ብዙ ጊዜ አልበም ላይ አይደገምም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ዘፈኖች ያኔ እየሠሩት ከነበረው “ሰርጀንት ፔፐር” አልበም ውጭ ሆኑ። ፕሮዲዩሰራቸው ጆርጅ ማርቲን በኋላ ይህን የሙያ ሕይወቱ ትልቁ ስህተት ብሎታል። እኔ አልስማማም። ሁለቱ ዘፈኖች ለብቻቸው ሙሉ ናቸው። እነሱ ሲወጡ ደግሞ አልበሙ አንድም የነጠላ ዜማ ዘፈን ሳይኖርበት ቀረ፤ በሬዲዮ የታወቀ ዘፈን ሳይዝ፣ በራሱ ብቻ መሸጥ ነበረበት።

ሽፋኑ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው። “ከእገሌ ዘፈን ጋር” ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ እገሌ የሚባለው ዘፈን የለማ! በሥዕል ሥራ የሚታወቁት ፒተር ብሌክና ጃን ሃዋርዝ ተቀጠሩ። የታዋቂ ሰዎችን ምስል በሰው ቁመት አሠርተው፣ ከሰም ከተሠሩ ምስሎች ጋር አቆሙና ቡድኑን መሃላቸው አስገቡ። ማይክል ኩፐር ፎቶውን አነሳ። ወጪው ወደ 3 ሺህ ፓውንድ ደረሰ። የዚያን ጊዜ የሽፋን ወጪ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ካምፓኒው ሰዎቹ እንዳይከሱት ስለፈራ ፈቃድ ማሰባሰብ ነበረበት። ጋንዲ ደግሞ ሕንድ ውስጥ ቅሬታ እንዳይፈጠር ተብሎ ከፎቶው ወጣ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው በጀርባው ነው። የዘፈኖቹ ግጥም በሙሉ እዚያ ታትሟል። እስከዚያ ድረስ የሮክ ግጥም በጆሮ ብቻ የሚያዝ ነበር። አንድ መስመር ደከም ቢል ከበሮው ይሸፍነው ነበር። አድማጩ ሸክላው እየዞረ ግጥሙን በዓይኑ ሲከተል ግን መደበቂያ የለም። ከዚያ በኋላ ብዙዎች ለአንባቢም መጻፍ ጀመሩ። ሁሉም አልተሳካላቸውም። ወረቀት ላይ ቆንጆ ሆኖ አፍ ውስጥ የማይገባ ግጥም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ ሽፋን በላይ የሚጨመር ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል፣ በ1968 ሪቻርድ ሃሚልተን ባዶ ነጭ ሽፋን ሠራላቸው። የቡድኑ ስም ያለ ቀለም ጎበጥ ብሎ ብቻ ይታያል። “አቢ ሮድ” በ1969 ሲመጣ ስሙም ቀረ። ፎቶግራፈሩ ኢያን ማክሚላን ኦገስት 8 ጠዋት ከስቱዲዮው ፊት ለፊት መንገድ መሃል መሰላል ላይ ወጣ። ፖሊስ መኪና አስቆመለት። አራቱ በዜብራው ላይ ሲመላለሱ ስድስት ፎቶ አነሳና አለቀ። ጆን ኮሽ ሽፋኑን ሲያዘጋጅ የቡድኑንም የአልበሙንም ስም ከፊት ገጹ አስቀረ። ካምፓኒው ተቃወመ። የእሱ መልስ በዓለም ላይ በጣም ታዋቂ ለሆነ ቡድን ስም መጻፍ አያስፈልግም የሚል ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ“ሌሎች 12 ዘፈኖች ጋር” እዚህ ደረሱ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የ“አቢ ሮድ” ሁለተኛ ገጽ አብዛኛው ክፍል ተያይዘው የሚሄዱ አጫጭር ዘፈኖች ናቸው፤ በአጠቃላይ 16 ደቂቃ ገደማ። ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ማርቲን ናቸው የገፉበት። እዚህ ውስጥ በ1963 ቢሆን ቅርጫት የሚገቡ ዘፈኖች አሉ። ጆን ሌነን “ሚን ሚስተር መስተርድ” እና “ፖሊቲን ፓም” የሚባሉትን ጀማምሮ የተመለሰው ከሕንድ ጉዞው ነው። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። አዝማች የለውም፣ የትም አይደርስም። ስለ አንድ ቆሻሻ ሽማግሌ ይነግረናል፣ እህቱንም ይጠቅሳል፣ ያልቃል።

መጀመሪያ የእህቱ ስም ሸርሊ ነበር። ጆን ወደ ፓም ቀየረው። አንድ ስም ብቻ ነው የነካው፤ ግን ቀጥሎ “ፖሊቲን ፓም” ሲመጣ ሁለቱ ጅምሮች የአንድ ቤተሰብ ታሪክ መሰሉ። ነጠላ ዜማ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ አያውቀውም። እሱ አዝማችና መጨረሻ ይፈልጋል። የአልበም ደራሲ ግን ለዘፈኑ ጎረቤት ይፈልግለታል።

አቀራረጹም ከዚሁ የመጣ ነው። ዘፈኖቹን ለየብቻ ቀድተው በኋላ ብቻ አይደለም ያጣበቁት። “ሰን ኪንግ” እና “ሚን ሚስተር መስተርድ” በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አንድ ዘፈን ተጫወቱ። “ፖሊቲን ፓም” እና ቀጥሎት የሚመጣው የፖል ዘፈንም እንዲሁ። “ጎልደን ስላምበርስ” እና “ኬሪ ዛት ዌይት”ም አብረው ተቀረጹ። የፍጥነቱ ሽግግር ከተጫዋቾቹ እጅ ስለሚመጣ ስፌቱ አይሰማም።

ሌላው ብልሃት መመለስ ነው። ሰንሰለቱ የሚጀምረው ስለ ገንዘብ በሚያወራው የፖል ዘፈን ነው። ከብዙ ደቂቃ በኋላ፣ “ኬሪ ዛት ዌይት” መሃል፣ ያው ዜማ በነፋስ መሣሪያዎች ታጅቦና ሌላ ግጥም ይዞ ይመለሳል። ነጠላ ዜማ ውስጥ አዝማች የሚመለሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው። እዚህ አዝማቹ በዘፈኖች መካከል ነው የሚመለሰው። አድማጩ ሳያስበው “ይህን አውቀዋለሁ” ይላል።

ሸክላው ራሱም ገደብ ነበረው። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ክቡ እየጠበበ ይሄዳል። አንድ ዙር የሚወስደው ጊዜ ያው ሆኖ መርፌው የሚሄድበት መስመር ግን ያጥራል። ስለዚህ ቀጫጭን ድምፆች እዚያ ይበላሻሉ። ለዚህ ነው ብዙ አልበም አዘጋጆች ለስለስ ያለውን ዘፈን ለገጹ መጨረሻ የሚያቆዩት። “አቢ ሮድ” ግን ሪንጎ ስታር ብቻውን ከበሮ የሚመታበትን፣ ሦስቱም ጊታር እየተቀባበሉ የሚጫወቱበትን “ዚ ኤንድ” እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ አስቀመጠ። ቅደም ተከተሉ ከድምፁ ጥራት በልጦባቸዋል ማለት ነው።

ይህ አሠራር አንዳንዴ ስፌቱ ይፈታል። “ኸር ማጀስቲ” የምትባል የ23 ሰከንድ ዘፈን በሁለቱ የጆን ዘፈኖች መሃል ነበረች። ፖል አልወደዳትም፣ አውጧት አለ። ቴፕ የሚቆርጠው ወጣት ጆን ከርላንደር ምንም ነገር እንዳይጣል ታዞ ስለነበር ከመጨረሻው ጥቂት ባዶ ቴፕ ቀጥሎ ለጠፋት። ሲሰሙት ወደዱት፣ በዚያው ቀረች። መጀመሪያዋ ላይ የሚሰማው ድንገተኛ ምት የ“ሚን ሚስተር መስተርድ” የመጨረሻ ምት ነው። የራሷ የመጨረሻ ኖታ ደግሞ የለም፤ ሲቆርጡ እዚያው ቀርቷል።

ጆን ሌነን በኋላ ይህን ሰንሰለት አልወደደውም። ዘፈኖቹ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው የለም፣ ዝም ብለን አጣበቅናቸው ብሏል። ግማሹ እውነት ነው። “ሚን ሚስተር መስተርድ”ን ብቻውን ከከፈትኩት ደካማ ዘፈን ነው፤ አልበም ለብዙ ሰነፍ ደራሲ መደበቂያ የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት ጅምሩን ሁሉ አያይዘው ትልቅ ሥራ ነው ያሉ ቡድኖች ሞልተዋል። እዚህ ግን የእህቱን ስም የቀየረው ራሱ ጆን ነው። ግንኙነት አያስፈልግም ብሎ ቢያምን ኖሮ ሸርሊን ለምን አይተዋትም?